ቤታ 0.38፣ አር ስኩዌርድ 0.05 ወጣልኝ፤ ልጣለው ወይስ ልያዘው?

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ። ቀን ባንክ ቤት እሰራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ማስተርሴን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሁፌ የአክሲዮን ቤታ ላይ ነው፣ ገበያው ሲወጣና ሲወርድ አክሲዮኑ ምን ያህል አብሮት እንደሚንቀሳቀስ የሚለካው ቁጥር። የራሳችን የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ስራ የጀመረው ጥር 2017 ላይ ስለሆነ ለሪግሬሽን የሚበቃ የዋጋ ታሪክ ገና የለውም። ስለዚህ የናይሮቢን ዳታ ወሰድኩ።

አንድ መካከለኛ ኩባንያ መረጥኩ። የ60 ወር ሪተርኑን፣ ማለትም የየወሩን የዋጋ ለውጥ በመቶኛ፣ አወጣሁ፣ የናይሮቢን አጠቃላይ ኢንዴክስ ሪተርንም እንደዚሁ። ቢ አምድ ላይ አክሲዮኑ፣ ሲ አምድ ላይ ገበያው አለ። ከዚያ ይሄን ጻፍኩ፦

```
=SLOPE(B2:B61,C2:C61)
=RSQ(B2:B61,C2:C61)
```

ቤታው 0.38 መጣ፣ አር ስኩዌርዱ 0.05። አማካሪዬ አይተው «ይሄ ምንም አይገልጽም፣ ሌላ ኩባንያ ፈልጊ» አሉኝ። አብሮኝ የሚማር ልጅ ደግሞ ሳፋሪኮምን ወስዶ አር ስኩዌርዱ ከግማሽ በላይ ሆነለትና ጥሩ ስራ ተባለ። እኔ ዳታውን በእጄ እየለቀምኩ ሶስት ወር ለፍቻለሁ። እውነት 0.05 ማለት ስራዬ ተበላሽቷል ማለት ነው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሐሙስ ተመልሼ እሳቸው ጋ እገባለሁ።

የኮምቦልቻው ላብ

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ነው የምሰራው፣ ሪግሬሽን በየሳምንቱ እሰራለሁ። መሳሪያ ስናስተካክል አር ስኩዌርድ ከ0.99 ከወረደ መስመሩን ጥለን እንደገና እንለካለን። 0.05 ማለት ነጥቦቹ እንደተበተነ ጤፍ ናቸው፣ በመሀላቸው የፈለግሽውን መስመር ልታሰምሪ ትችያለሽ። በዚህ ቤታ ነገ አክሲዮኑ ስንት እንደሚሆን መገመት አትችይም። ሌላ ኩባንያ ፈልጊ።

የመርሳ ልጅ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላረጋግጥ። `SLOPE` ውስጥ ቀድሞ የሚገባው አክሲዮኑ ነው፣ ገበያው ሁለተኛ። አንድ ጊዜ ገልብጬ አስገብቼ ሁለት ሳምንት በተሳሳተ ቤታ ሰርቻለሁ። ችግሩ `RSQ` ብትገለብጪውም ያው ቁጥር ነው የሚሰጥሽ፣ ስለዚህ ስህተቱን አያሳይሽም።

የሆጤዋ

አሁን ሞከርኩት። በትክክለኛው 0.38፣ ሲገለበጥ 0.13። አልገለበጥኩም ማለት ነው፣ አመሰግናለሁ።

ጦሳ ስር

የሆጤዋ፣ አብሽሪ። ስራሽ አልተበላሸም።

መጀመሪያ አሁን ያወጣሻቸውን ሁለት ቁጥሮች አባዢያቸው። 0.38 በ0.13 ወደ 0.05 ይመጣል። አር ስኩዌርድሽ እሱ ነው፣ ሁለቱ ተዳፋቶች ሲባዙ የሚመጣው። ይሄን ያነሳሁት አር ስኩዌርድ ከአክሲዮኑና ከገበያው የትኛው የቱን እንደሚያንቀሳቅስ የማያውቅ ቁጥር መሆኑን እንድታይው ነው። የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚህ አክሲዮን መዋዠቅ ስንት እጁ ከገበያው ጋር አብሮ የሄደ ነው? ያንቺው 5 በመቶ ነው። ቀሪው 95 በመቶ የኩባንያው የራሱ ጉዳይ ነው። ስራ አስኪያጅ መልቀቅ፣ ጨረታ ማሸነፍ፣ የፋብሪካ መቃጠል፣ የመሳሰለው።

ለኮምቦልቻው ወንድሜ፦ አንተ መሳሪያ ስታስተካክል መስመሩ ላይ የማይወድቅ ነጥብ ስህተት ነው። አክሲዮን ላይ ግን መስመሩ ላይ የማይወድቀው ነጥብ ኩባንያው የኖረው ህይወት ነው። በነጠላ ኩባንያ ወርሃዊ ዳታ 0.99 ብታይ እኔ የምጠረጥረው ዳታውን ነው።

«ቤታው ምን ያህል ይታመናል» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ስታንዳርድ ኤረሩ ላይ ነው፣ ግምቱ ከእውነተኛው ቤታ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚነግርሽ ቁጥር። እሱን አውጥተሻል?

የሆጤዋ

አላወጣሁም ጋሼ። `SLOPE` አይሰጥም።

ጦሳ ስር

አዎ፣ አይሰጥም። ይሄን ተጠቀሚ፦

```
=LINEST(B2:B61,C2:C61,TRUE,TRUE)
```

አምስት ረድፍና ሁለት አምድ ይሰጥሻል። በግራው አምድ ከላይ ቤታው፣ ከስሩ ስታንዳርድ ኤረሩ፣ ሶስተኛው ረድፍ ላይ አር ስኩዌርዱ። ኤክሴልሽ አሮጌ ከሆነ ቦታውን ቀድመሽ ምረጪና ኮንትሮል ሺፍት ኢንተር በይ፣ አለዚያ አንዱን ቁጥር ብቻ ያሳይሻል።

የወልድያው ባለአክሲዮን

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። የጠየቃችሁትን በደንብ ካልተረዳሁ አርሙኝ። ቤታ የአክሲዮን አደጋ መለኪያ ነው አይደል? እኔ የአንድ ባንክ አክሲዮን ከገዛሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ የአንዱ ዋጋ 1000 ብር ነበር፣ ዛሬም 1000 ብር ነው። አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ የእኔ ቤታ ዜሮ ነው ማለት ነው። ልጅቷ ለምን ናይሮቢ ድረስ ትሄዳለች፣ እዚሁ አስተማማኝ አክሲዮን እያለ?

የባቲው

ወንድሜ ወልድያ፣ ቁጥሩን አላውቀውም፣ ግን አንተ ያልከውን ነገር እኔ በፍየል አውቀዋለሁ። እኔ ፍየል ነጋዴ ነኝ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ሐሙስ ቀን መጥተህ «ይሄ ሙክት ስንት ነው» ብትለኝ የምነግርህ የሰኞውን ዋጋ ነው። ማክሰኞ ኮምቦልቻ ላይ ዋጋ ቢወርድም፣ ረቡዕ ደሴ ላይ ቢወጣም፣ እኔ አፌ ላይ ያለው የሰኞው ነው። ይሄ ማለት ፍየሌ አልወረደም ማለት አይደለም ወላሂ። ገና አልሸጥኩትም ማለት ነው። ሰኞ ስሸጠው የሳምንቱን ሁሉ በአንዴ እቀምሳታለሁ።

አንተም አክሲዮንህን ለመሸጥ ሞክረህ ታውቃለህ?

የወልድያው ባለአክሲዮን

አልሞከርኩም። የሚገዛ ማግኘትም ቀላል አይደለም ይላሉ።

ጦሳ ስር

የባቲው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ላመጣው የነበረውን ነገር ከእኔ በተሻለ ተናገርከው።

ጋሽ ወልድያ፣ የእርስዎ 1000 ብር የተጻፈ ዋጋ ነው፣ የተገበያዩበት አይደለም። በዚያ ላይ ሪግሬሽን ቢሰሩ አክሲዮኑ ስድስት ዓመት ሙሉ ዜሮ ሪተርን ስላለው ተዳፋቱ ዜሮ ይመጣል። ያ ዜሮ ግን አደጋ አለመኖሩን አይናገርም፣ ዋጋ አለመታየቱን እንጂ። የትርፍ ድርሻዎ በየዓመቱ እኩል ነበር? ካልነበረ ከስር የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ማለት ነው።

የሆጤዋ፣ ያንቺም ኩባንያ ላይ የጠረጠርኩት ይሄንኑ ነው። ዕለታዊውን ዳታ ይዘሻል? ከያዝሽ ስንት ቀን ዋጋው ከትናንቱ ጋር አንድ እንደሆነ ቁጠሪ።

የሆጤዋ

ሁለቱንም ሰርቼ መጣሁ።

ስታንዳርድ ኤረሩ 0.22 ነው። ሁለት እጥፉን ስወስድ ቤታው ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ እስከ 0.82 ድረስ ሊሆን ይችላል። በጣም ሰፊ ነው፣ ደነገጥኩ።

ዕለታዊውን ቆጠርኩ። ከአስሩ ቀን ስድስቱን ያህል ሪተርኑ ዜሮ ነው! አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያው ዋጋ ይደጋገማል። ዳታውን ስለቅም አይቼው ነበር፣ ግን ኩባንያው የተረጋጋ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። በዕለታዊው ሪግሬሽን ስሰራ ደግሞ ቤታው 0.11፣ አር ስኩዌርዱ 0.002 ሆነ። ከ1200 በላይ ቀን አለ እኮ፣ ብዙ ዳታ ሲሆን ይሻላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

የኮምቦልቻው ላብ

ይኸው፣ ከዜሮ ዝቅ እስከ 0.82። እኔም ያልኩት ይሄንን ነው፣ ምንም አይታወቅም።

ጦሳ ስር

እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ እሰጥሃለሁ። ቁጥሩ ሰፊ ነው። ከመነሻው «0.38 ነው» ብሎ በድፍረት መጻፍ አይቻልም ነበር። በአንድ ገላጭ ብቻ በሚሰራ ሪግሬሽን አር ስኩዌርዱና የቤታው ቲ ቁጥር፣ ማለትም ቤታው ለስታንዳርድ ኤረሩ ሲካፈል የሚመጣው፣ አንዱ ከሌላው ይወጣል። በ60 ወር ዳታ አር ስኩዌርድ ከ0.065 ገደማ በታች ከሆነ ቤታው ከዜሮ በግልጽ አይለይም። የእሷ 0.05 እዚያ ስር ነው። ስለዚህ አር ስኩዌርድ ምንም አይረባም አላልኩም። የኔ ነጥብ ሌላ ነው፦ በ0.05 ምክንያት ኩባንያውን ቀይሪ ማለት የበሽታውን ስም ሳይጠይቁ በሽተኛውን ከአልጋ ማውረድ ነው። ለምን ዝቅ አለ? መልሱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ ኩባንያው በእውነት ከገበያው ጋር ብዙ አይገናኝም፣ ወይ ዋጋው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዕለታዊው ውጤት የትኛው እንደሆነ አሳይቶናል። የዋጋ መዘግየት ከሌለ ዕለታዊውም ወርሃዊውም ቤታ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፣ ዕለታዊው እንዲያውም የጠበበ ስህተት ይኖረዋል። እዚህ ግን ከ0.38 ወደ 0.11 ወደቀ። የባቲውን ፍየል አስቢ። ገበያው ማክሰኞ ወረደ፣ ያንቺ አክሲዮን ግን የሚሸጥ የሚገዛ ስላልነበረ ማክሰኞ ላይ ዜሮ ተጻፈ። ሰኞ ሲሸጥ መውረዱ ተጻፈ፣ ያን ቀን ግን ገበያው ጸጥ ብሎ ነበር። ሪግሬሽኑ ማክሰኞንም ሰኞንም ሲያይ ግንኙነት የለም ይላል። ግንኙነቱ ግን አለ፣ ቀኑ ብቻ ተላልፏል። ጊዜውን ስታሳጥሪው መተላለፉ ይብሳል፣ ስታስረዝሚው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ቀን መጨመር ያልጠቀመሽ።

የመርሳ ልጅ

ታዲያ ወርሃዊው ላይስ ይቀራል? ወር ረጅም ነው እኮ።

ጦሳ ስር

ሁለት ሳምንት ዋጋ የማይቀየርበት አክሲዮን ከሆነ ይቀራል። ወሩ ማብቂያ ላይ የተጻፈው ዋጋ የወሩ አጋማሽ ዋጋ ነው ማለት ነው። የቀረው ወደሚቀጥለው ወር ይዞራል።

የሆጤዋ፣ እንዲህ አድርጊ። ዲ አምድ ላይ ያለፈውን ወር የገበያ ሪተርን አስቀምጪ፣ ማለትም `D3` ላይ `=C2` ጻፊና ወደ ታች ጎትቺው። ከዚያ፦

```
=LINEST(B3:B61,C3:D61,TRUE,TRUE)
```

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ይሄ ፎርሙላ ውጤቱን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚደረድረው። መጀመሪያ የሚመጣው የዲ ተዳፋት ነው፣ ያለፈው ወር። ቀጥሎ የሲ፣ የዚህ ወር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ሁለቱን ደምሪያቸው፣ ድምሩ ነው ቤታው። መንገዱ ዲምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ነው፣ አማካሪሽ ስሙን ያውቁታል።

የባቲው

ትላንትንም ዛሬንም ደምሮ ማየት ነው አይደል? እኛም ፍየሉን ስንሸጥ የዛሬን ገበያ ብቻ አናይም፣ ያለፈው ሰኞ ስንት ነበር ብለን ነው።

ጦሳ ስር

ቀረብ ብለሃል፣ ግን ትንሽ ይለያል። አንተ ዋጋ ለመቁረጥ ነው የምታየው። እሷ ደግሞ ያለፈው ወር የገበያ ወሬ በዚህ ወር ዋጋ ላይ ስንት እንደቀረ ነው የምትለካው።

የሆጤዋ

ወጣ። የዚህ ወር 0.36፣ ያለፈው ወር 0.41፣ ድምሩ 0.77! እጥፍ ሆነ ጋሼ። አር ስኩዌርዱም ወደ 0.10 ወጣ። ቁጭ ብዬ ሁለቴ ነው ያረጋገጥኩት።

ያለፈው ወር ከዚህ ወር መብለጡ ገረመኝ። ስህተት ሰራሁ ብዬ አምዶቹን ቀያይሬ አየሁ፣ ያው ነው።

የመርሳ ልጅ

በቃ 0.77 ብለሽ ጻፊ፣ ተገላገልሽ።

ጦሳ ስር

አይ፣ ቆይ። የሁለቱ ተዳፋት ስታንዳርድ ኤረር እያንዳንዱ 0.22 ገደማ ይሆናል። የገበያው የዚህ ወርና ያለፈው ወር ሪተርን እርስ በርስ ብዙ ካልተያያዙ የድምሩ ስህተት ወደ 0.30 ይደርሳል። ሁለት እጥፉን ስትወስጂ ከ0.17 እስከ 1.37። ስለዚህ ቁጥሩ ከቦታው ተነሳ፣ ከዜሮም ራቀ፣ ግን ዙሪያው ሰፋ። የዘገየውን ዋጋ ማስተካከል ወደ ታች መጎተቱን ያቃልላል፣ ዳታ ግን አይጨምርም። የ0.36ና የ0.41 ልዩነትም ከስህተቱ አንጻር ኢምንት ነው፣ ያለፈው ወር በለጠ ብለሽ ምንም ታሪክ አትስሪበት።

ጽሁፍሽ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ከነስህተታቸው አስቀምጪ። የዜሮ ቀኖቹንም ብዛት ጻፊ። አንባቢ 0.05ን አይቶ «አይረባም» ከማለቱ በፊት ዜሮዎቹን ይይ።

የኮምቦልቻው ላብ

እሺ፣ የዋጋውን መዘግየት አላሰብኩትም ነበር። እኛም ጋ ቴርሞሜትር ቶሎ የማይሞቅ ከሆነ ንባቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር አልተመለሰልኝም። 95 በመቶው የኩባንያው የራሱ ጉዳይ ከሆነ፣ ገንዘቤን የማስገባ ሰው እኔ ብሆን የሚያሳስበኝ ያ 95 በመቶ ነው እንጂ 5ቱ አይደለም። ታዲያ ቤታን ለምን እንለካለን?

ጦሳ ስር

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ አንተ ስንት አክሲዮን አለህ በሚለው ላይ ይወሰናል። ሰላሳ የተለያዩ ኩባንያዎች የያዘ ሰው የአንዱ ፋብሪካ ሲቃጠል ሌላው ጨረታ ያሸንፍለታል፣ ያ 95 በመቶ እርስ በርሱ ይጣፋል። የማይጣፋለት ሁሉንም በአንዴ የሚያንቀሳቅሰው ነው፣ እሱን ቤታ ይነግረዋል። እንደ ጋሽ ወልድያ ገንዘቡን ሁሉ አንድ ባንክ ላይ ያደረገ ሰው ግን አንተ እንዳልከው ነው፣ ለእሱ ቤታ ብቻውን አደጋውን በጣም አሳንሶ ያሳየዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው አር ስኩዌርዱን በደንብ ማየት ያለበት፣ ዝቅ ባለ ቁጥር እሱ ብቻውን የተሸከመው ብዙ ነው።

የወልድያው ባለአክሲዮን

ይሄን አስቤው አላውቅም። ለልጆቼ ብዬ ነው ሁሉንም አንድ ቦታ ያደረግኩት። ገበያው ላይ ሲወጣ እስቲ ዋጋውን እናያለን።

የመርሳ ልጅ

ሳፋሪኮምን የሰራው እኔ ነኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ የሆጤዋ አብራኝ ነው የምትማረው። ጋሼ፣ የኔስ ትክክል ነው አይደል? አር ስኩዌርዴ ከግማሽ በላይ ነው፣ ስታንዳርድ ኤረሬም ጠባብ ነው፣ በየቀኑ በሚሊዮን የሚገበያይ አክሲዮን ነው፣ የዋጋ መዘግየት የለበትም።

ጦሳ ስር

የዋጋ መዘግየት የለበትም፣ ልክ ነህ። ግን ያንተኛው የራሱ ችግር አለበት፣ እንዲያውም ከእሷ ይልቅ ተደብቆ የሚቀመጥ።

አጠቃላይ ኢንዴክሱ ኩባንያዎቹን በገበያ ዋጋቸው ልክ ነው የሚመዝነው። ናይሮቢ ላይ ደግሞ ሳፋሪኮም ግዙፍ ነው፣ ድርሻው ብዙ ጊዜ ከሲሶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ግራ ላይ ሳፋሪኮምን፣ ቀኝ ላይ ገሚሱ ሳፋሪኮም የሆነ ነገር አስቀምጠህ ይመሳሰላሉ ወይ ብለህ ነው የጠየቅከው።

በቁጥር ላሳይህ፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። አንድ ትልቅ ኩባንያ የኢንዴክሱን 40 በመቶ ይይዛል እንበል፣ ወርሃዊ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 8 በመቶ። የቀሩት ኩባንያዎች ተደምረው 60 በመቶ፣ የእነሱ 5 በመቶ። አሁን ትልቁና የቀሩት ፈጽሞ አይገናኙም እንበል፣ ግንኙነታቸው ዜሮ ነው። ቫሪያንስ የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ካሬ ነው፣ 64 እና 25፣ ድርሻዎቹም በካሬ ይገባሉ። የኢንዴክሱ ቫሪያንስ፦ 0.16 በ64 ሲደመር 0.36 በ25፣ ወደ 19.2። የትልቁ ኩባንያና የኢንዴክሱ ኮቫሪያንስ፦ 0.4 በ64፣ 25.6። ቤታው 25.6 ለ19.2 ሲካፈል 1.33። አር ስኩዌርዱ 0.53።

እየው እንግዲህ። ከሌላው ገበያ ጋር ምንም የማይገናኝ ኩባንያ ነው ብለን ጀመርን፣ ቤታ 1.33 እና አር ስኩዌርድ 0.53 ወጣለት። ከግማሽ በላይ! ሁሉም የመጣው ከራሱ ጋር ስለተነጻጸረ ነው።

የመርሳ ልጅ

በስመአብ። ታዲያ የኔ ቤታ ሐሰት ነው?

ጦሳ ስር

ሐሰት አይደለም፣ ጥያቄው ነው የሚለየው። ገንዘቡን ሁሉ በናይሮቢ ኢንዴክስ ድርሻ ልክ ያስቀመጠ ሰው ካለ ያ ቤታ የእሱ ትክክለኛ አደጋ ነው፣ ምክንያቱም እሱም ያንኑ ድርሻ እዚያ ኩባንያ ላይ ጥሏል። ግን በዓለም ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ሄልሲንኪ ላይም ይሄው ነበር፣ ኖኪያ ብቻውን ከኢንዴክሱ ከግማሽ በላይ ሆኖ፣ በዚያ የተሰራ የኖኪያ ቤታ የሚነግርህ በአብዛኛው ኖኪያ ራሱን ይመስላል የሚለውን ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ትልቁን ከኢንዴክሱ አውጣው። የየወሩን መጀመሪያ ድርሻ ካገኘህ የቀሪው ገበያ ሪተርን ይሄ ነው፦

```
(M - w*S) / (1 - w)
```

`M` ኢንዴክሱ፣ `S` ኩባንያው፣ `w` ድርሻው። ድርሻው በየወሩ ስለሚቀያየር አንድ ቋሚ ቁጥር አትጠቀም። ከዚያ `S`ን በዚህ ላይ አስኪደው። አር ስኩዌርድህ ምን ያህል እንደወደቀ አይተህ ንገረን።

የሆጤዋ

ቆይ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ መሰለኝ። ኢንዴክሱ ገሚሱ ሳፋሪኮም ከሆነ የኔም ኩባንያ የተነጻጸረው ከገበያው ጋር አይደለም፣ በአብዛኛው ከአንድ የስልክ ኩባንያ ጋር ነው። የኔ 0.05 ዝቅ ያለው በከፊል ለዚህም ሊሆን አይችልም?

ጦሳ ስር

ይችላል። ይሄን ራስሽ ማየትሽ ደስ አሰኘኝ። ያንቺንም በቀሪው ገበያ ላይ ሞክሪው። አር ስኩዌርዱ ከፍ ካለ ግምትሽ ልክ ነው። ካላለ ያው መዘግየቱና የኩባንያው የራሱ ጉዳይ ነው።

የኮምቦልቻው ላብ

ትልቁን አውጥቶ የሚቀረው ኢንዴክስ ደግሞ አብዛኛው ዋጋው የሚዘገይ ትንንሽ ኩባንያ አይሆንም? ያኔ ሁለቱም ወገን ዘግይቶ የሚነበብ ይሆናል።

ጦሳ ስር

ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ እኔም ንጹህ መልስ የለኝም። ትልልቅ ባንኮችም አሉ፣ እነሱ በደንብ ይገበያያሉ፣ ግን ከስር ያሉት ብዙዎቹ ዘገምተኛ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ያለፈውን ወር ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ወር የገበያ ሪተርን ይጨምራል፣ አክሲዮኑ ከኢንዴክሱ ቀድሞ ሲንቀሳቀስ ለመያዝ። በጨመርሽ ቁጥር ግን ስህተቱ ይሰፋል። እኔ አንድ ወር ጨምሬ እቆማለሁ፣ ሌላ ሰው ሁለት ይላል።

የመርሳ ልጅ

እኔ ሌላ ሀሳብ አለኝ። የአንድ ኩባንያ ቤታ እንዲህ ሰፊ ከሆነ በዚያው ዘርፍ ያሉ አስር ኩባንያዎችን ቤታ አማካኝ ብንወስድስ? ስህተቱ ይጠባል።

ጦሳ ስር

ብዙ ባለሙያ የሚያደርገው ይሄንን ነው። ግን የአስሩም ዋጋ የሚዘገይ ከሆነ የአስር ዝቅ ያለ ቁጥር አማካኝ ዝቅ ያለ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን አስተካክል፣ ቀጥሎ አማካኙን ውሰድ። የዕዳቸውም መጠን ይለያያል፣ ዕዳ ያለበት ኩባንያ ቤታው ይጋነናል፣ እሱንም ማየት አለብህ።

የሆጤዋ

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አማካሪዬ ጋ ገብቼ መጣሁ።

የዜሮ ቀኖቹን ቆጠራ ሳሳያቸው ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ያንን የዋጋ ግራፍ ክፈቺ አሉኝ። እንደ ደረጃ ነው የሚመስለው፣ ቀጥ ብሎ ይሄድና ዘሎ ይወጣል፣ እንደገና ቀጥ ይላል። በእርሳስ ጫፍ ደረጃዎቹን እየነኩ ቆጠሩ። «ይሄ የወረቀቱ አንድ ምዕራፍ ይሁን» አሉ። ኩባንያውን መቀየር የለብኝም።

0.77ን ግን አልተቀበሉትም። «ከ0.17 እስከ 1.37 ለሚሆን ነገር አንድ ቁጥር አትስጪኝ» አሉ። ሁለቱንም ከነስህተታቸው በሰንጠረዥ አስቀምጪ፣ በዕለታዊ፣ በሳምንታዊ፣ በወርሃዊና በሶስት ወር ቤታው እንዴት እንደሚለወጥ አሳዪ ብለውኛል። የሶስት ወሩ 20 ነጥብ ብቻ ስለሚሆን ስህተቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ገና አላየሁም።

የመርሳው፣ የሳፋሪኮምን የየወሩን ድርሻ ካገኘህ ላክልኝ፣ እኔ የ60ውን ወር የሁሉንም ኩባንያ የአክሲዮን ብዛት መልቀም ጀምሬያለሁ፣ እስካሁን 14 ወር ደርሻለሁ።

የመርሳ ልጅ

የመጨረሻዎቹን 24 ወር እኔ እለቅማለሁ። አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ መሀል ላይ እንገናኝ።